ኪቴሪያ የቀባችው አረንጓዴ

ኪቴሪያ የሰው ዓይን መሥራት ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ በብሩሽና በዘይት ቀለም ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። ከገበያው ጀርባ ባለችው ፎቶ ቤታችን አፍንጫ የሚያቀና፣ ሱፍ የሚያለብስ፣ የጎደለ ጥርስ የሚሞላ ሰው አጥተን አናውቅም፤ ዓይን ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወንበሩን ለእሷ ይለቃሉ። እኔ ኔውማ እባላለሁ። ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ መስታወት እቆርጣለሁ፣ ፍሬም እገጥማለሁ። የገባውን ሰው ሁሉ የምጠረጥረውም እኔ ነኝ፤ ይሄኛውን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፣ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀረሁበትም።

እዚህ ዡአዜሮ ከተማ ውስጥ ፎቶ የሚያስቀባ ሰው ሁሉ ትንሽ ይዋሻል። ሞቶ ሳለ ፎቶ የተነሳ አባቱን ዓይኑን ግለጡልኝ ይላል፣ በሕይወቷ ሐብል አድርጋ የማታውቅ ሴት በፎቶው ላይ ሐብል ታደርጋለች፣ በኩርፊያ የተለያዩ ባልና ሚስት ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይሄ ለእኛ ውሸት አይደለም፣ እንጀራችን ነው። እኔ የምፈራው ከዚያ የሚያልፈውን ነው፤ ለግድግዳ ሳይሆን ለሰው ማሳመኛ የሚሠራውን።

ሰውዬው የመጣው በመስከረም ነው፣ ለንግሱ የመጣው እንግዳ ከተማውን ሞልቶት ሳለ። ሃምሳ የሚጠጋ፣ ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። እኔን እያነጋገረ መንገዱን ያያል። ነገሩ ገና ሳይጀመር አልጣመኝም።

ስልኩን አወጣና የራሱን ፎቶ አሳየኝ። ከአንገት በላይ፣ ቀረብ ተደርጎ የተነሳ፣ ጥሩ ፎቶ ነው። ዓይኑ ቡናማ ነው።

«አረንጓዴ አድርጉልኝ» አለኝ። «ዓይኑን ብቻ። ሌላውን እንዳትነኩት። ግን ማንም እንዳያውቀው።»

ማንም እንዳያውቀው! ለሚስትህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሚስት የለኝም አለ። ለሥራ ነው ወይ አልኩት፤ አይደለም አለ። ስሙን ስጠይቀው ኤድማር አለና የአባቱን ስም ሳይነግረኝ ቀረ። የት አረፍክ አልኩት፤ «እዚሁ፣ ከእንግዶቹ ጋር» አለኝ። ወደ ጓሮ ገብቼ ለኪቴሪያ ነገርኳት፤ አንድ ዓይን አውጣ መጥቷል፣ ዓይኑን ሊያስቀይር፣ ብዬ። አልሳቀችልኝም። መነጽሯን አድርጋ ወጣች።

ሰውዬውን ሳይሆን ዓይኑን ነው ያየችው፤ አስጠግታ፣ አገጩን በጣቷ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ። ከዚያ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። እኔን እምቢ ያለው ሰውዬ ለእሷ እጥፍ አለላት፤ ለካስ ተቀመጥ ያላለችው እሷ ብቻ ነበረች።

በአጭሩ ነገራት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከቤት ወጥቷል፤ ፓራ የሚባል ሩቅ ግዛት ድረስ ሄዶ ወርቅ ቁፋሮ ገባ። የጻፈው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ቆይቶ መጻፉን ተወ፣ ከዚያ ደግሞ አለመጻፉ አሳፈረው። አሁን እናቱ እዚህ ከተማ ከእህቱ ጋር እንደምትኖር፣ ዓይኗም እንደጠፋ ሰማ። እህቱን በስልክ አገኛት። እህቱ ሲወጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ አታስታውሰውም። ፊትህን አስጠግተህ አንሳና ላክልኝ፣ የወንድሜ ዓይን አረንጓዴ ነው፣ ካልሆነ ደጃችን እንዳትደርስ አለችው።

«ያንተ ደግሞ ቡናማ ነው» አለች ኪቴሪያ።

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«ታዲያ ወንድሟ አይደለህማ» አልኩ እኔ፤ ምን አስጨነቀኝ።

ሰውዬው አልተቆጣም። እህቱ አረንጓዴውን ከየት እንዳመጣችው እንደማያውቅ፣ እሱ የሚፈልገው በሩ እንዲከፈትለት ብቻ እንደሆነ፣ እናቱ አንዴ ከዳሰሰችው ሌላው ሁሉ እንደሚቀር ተናገረ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የሚያታልል ሰው ድምፅም ይንቀጠቀጣል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ኪቴሪያ እሠራዋለሁ አለች። እጄ ላይ የነበረውን የመስታወት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁት፤ እንድትሰማኝ ነው። ሰማችኝ፤ ግን ዞር አላለችም።

ስትሠራ ከጀርባዋ ቆምኩ። ገበያው ውስጥ ያሉት ልጆች ይሄን ሥራ በሁለት ደቂቃ ይጨርሱታል፤ አረንጓዴ ክብ ይለጥፉበትና ሰውዬው የአሻንጉሊት ዓይን አውጥቶ ይሄዳል። እሷ ፎቶውን አጎላችው፣ አንድ ዓይን ስክሪኑን እስኪሞላ። ባለ ቀለሙን ክብ ብቻ መረጠች፤ የመሃሉን ጥቁር ብሌን ተወችው፣ ነጩን ተወችው፣ የላይኛው ሽፋሽፍት የሸፈነውን ጫፍ ተወችው። በብሌኑ አናት ላይ ያለችውን ነጭ የብርሃን ነጥብም ከምርጫው አወጣቻት። ነጥቧን አጉልቶ ላያት ሰው መስኮት ናት፤ ፎቶው ሲነሳ ከፊቱ የነበረ መስኮት፣ በመሃሉ ብረት ያለበት።

«ይቺን ከቀባሻት ሰውየው ሞተ ማለት ነው» አለችኝ። ይሄን ለሃያኛ ጊዜ ነው የምትነግረኝ።

ከዚያ ቀለሙን ጣለችበት፤ ግን ቀለሙን ብቻ፣ ከሥሩ ያለው ብርሃንና ጥላ እንዳለ እንዲቀር አድርጋ። ምንም አልመጣም። ቡናማ ዓይን ጠቆር ያለ ነው፤ ቀለም ብቻ ቢለውጡበት አረንጓዴው ይሰምጣል። ስለዚህ ክቡን ትንሽ አነጣችው፣ ይበልጡን ከታች በኩል፣ ከመስኮቷ ነጥብ ትይዩ ብርሃኑ ገብቶ የሚያርፍበትን። ያኔ ከብሌኑ ወደ ዳር የሚሄዱት ቀጫጭን ክሮች ታዩ። አንዱንም አላጠፋችም። አረንጓዴው በዝቶ ሲያብረቀርቅ ቀነሰችው፤ የሰው ዓይን የሎሚ ቅጠል አይደለም አለች። ብሌኑን ተጠግቶ ትንሽ ቡናማ ቀረ፤ ይሄንንም ሆን ብላ ነው። በመጨረሻ ክቡን ከነጩ የሚለየውን ጥቁር ቀለበት አየች። ስታነጣው እሱም ገርጥቶ ነበር፤ መልሳ አጠቆረችው፣ ጫፉ እንደ ቢላ ስለት እንዳይሆን አለስልሳ። ራቅ ብላ በሙሉ ፊቱ አየችው።

እውነቴን ነው፣ ክው አልኩ። ሰውዬው ከእናቱ ማኅፀን አረንጓዴ ዓይን ይዞ የወጣ ይመስላል። ፈራሁም፤ እንዲህ የሚያስመስል እጅ ለማን እንደሚሠራ ሳይጣራ መሥራት የለበትም። ኪቴሪያ ግን የምትፈራ አትመስልም ነበር፤ እና፣ ይቅር ይበለኝ፣ እሷንም ጠረጠርኳት። ከዚህ ሰውዬ ጋር የሆነ ነገር አላት ብዬ አሰብኩ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያንን ያልተነካውን ቡናማ ፎቶ ደጋግማ ታየው ነበር፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

ለኤድማር ሁለቱንም ወደ ስልኩ ላከችለት፤ አረንጓዴውንና የራሱን። ስትሰጠው የራስህን ብትልክላት ይሻልሃል አለችው። አመሰገናትና ወጣ። የትኛውን እንደሚልክ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ አንዲት ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፋ ገባች። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ አፏን ጥብቅ ያደረገች። ዚልዳ እባላለሁ አለች። በከተማው ዓይን የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ብለውኝ ነው፣ አንድ ፎቶ እንዲመረምሩልኝ እፈልጋለሁ አለች። አንሶላውን ስትገልጠው የድሮ የተቀባ ፎቶ ነው፤ ሞላላ ፍሬም፣ ሰማያዊ መደብ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወጣት። ዓይኑ አረንጓዴ ነው፣ ከሩቅ የሚጣራ አረንጓዴ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ስልኩ ላይ የኤድማር ፊት ነበር፣ ኪቴሪያ የሠራችው።

ኪቴሪያን አየኋት፤ እሷ ስልኩን ትታ የተቀባውን ፎቶ ታያለች።

ዚልዳ ነገሩን ቆማ ነው የተናገረችው። ከስድስት ዓመት በፊት አባቷ እንደሞተ የጠፋውን ወንድሟን በሬዲዮ አስነግራ ነበር፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አረንጓዴ ዓይኑን። ሁለት ሰዎች መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው አረንጓዴ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱንም አስገባች። ሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ሲበላ ሰንብቶ የእናቷን የጋብቻ ቀለበት ይዞ ጠፋ። እናቷ ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ወደቀች፤ አሁን ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካት ብሏል። ስለዚህ የአሁኑን ሰውዬ ጉዳይ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም።

«እና ይሄ ፎቶ ሲመጣ ደስ አለኝ» አለች። «አረንጓዴ ነው፣ ምን ልበል? ግን ከግድግዳው ጋር ሳስተያየው አልገጠመልኝም። የወንድሜ ዓይን ይኸውና፣ እንደ ሎሚ ቅጠል ነው። ይሄኛው ደፍርሷል፤ መሃሉ ቡናማ ነገር አለው፣ ዳሩ ጥቁር ነው። አንድ ሰው ነካክቶታል። ነክተውታል ወይስ አልነኩትም? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

እስቲ እኔ በኪቴሪያ ቦታ ብሆን ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ተነክቷል ብትል የነካሁት እኔ ነኝ ማለት አለባት፤ በዚህ ከተማ ደግሞ የሌባ አጋር ተብሎ ስሙ የተነሳ ፎቶ ቤት በሳምንት ይዘጋል። አልተነካም ብትል ይቺ ሴት ዛሬውኑ በሯን ትከፍታለች፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ እኛ አናውቅም፣ ውስጥ ያለችው ዓይኗ የጠፋ በሽተኛ ናት። ዝም በይ፣ አላውቅም በይ ብዬ በልቤ ለመንኳት። አላውቅም ማለት ምን ያስከፍላል?

ኪቴሪያ መነጽሯን አወለቀች።

«ተነክቷል» አለች። «እኔ ነኝ የነካሁት። ሰውዬው ዓይኑ ቡናማ ነው።»

ዚልዳ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ መነጨቀች። ፖሊስ እንደምትጠራ፣ ይሄ ቤት የሌቦች መሆኑን ለንግስ የመጣው ሕዝብ ሁሉ እንደሚሰማ ተናገረች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር።

ኪቴሪያ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ የተቀባውን ፎቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው።

«ይሄንንም የነካሁት እኔ ነኝ» አለች።

ዚልዳ ወደ ፎቶው ጠጋ አለች።

ኪቴሪያ የጣቷን ጫፍ በሥዕሉ ዓይን ላይ አሳረፈች። እዪ፣ ክር የለውም አለቻት፣ አንድ ወጥ ቀለም ነው። ቀለበት የለውም፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር ተጣብቋል። ነጯን ነጥብ እዪ፤ በሁለቱም ዓይን በግራ በኩል፣ ልክ እኩል፣ ክብ። እንዲህ የምትገባ ብርሃን የለችም። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው አለች፤ በቀን ሠላሳ ጥንድ ዓይን እቀባለሁ፤ ነጥቧን በብሩሽ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጌ አልፋለሁ። ጎረቤትሽ ግድግዳ ላይ ያለችውን አያት ብታዪ ይቺኑ ነጥብ ታገኛለሽ። ይሄን ሁሉ ስትናገር እንደሚያፍር ሰው አንገቷን ደፍታ ነበር።

ያኔ ሥራው እንዴት እንደነበር እኔም ከእሷ ነው የሰማሁት። ኪቴሪያ የምትቀባቸውን ሰዎች አይታ አታውቅም። ፎቶ አዟሪዎቹ በየገጠሩ ዞረው ከየቤቱ ለመታወቂያ የተነሳችውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይሰበስባሉ፤ ቤተሰቡ የፈለገውን በፖስታው ጀርባ ይጽፋሉ። ሱፍ ነው ቀሚስ፣ ጸጉር ወዴት፣ ዓይን ምን ዓይነት። ፎቶ ቤቱ ትንሿን ፎቶ በካሜራ አንስቶ ያሳድጋታል፣ በላዩ ይቀባል፣ ኦርጅናሏን ይመልሳል፤ ኔጋቲቩ ግን ከነፖስታው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀራል። ጓሯችን እስከ ጣሪያ በቆርቆሮ ተሞልቷል፤ ስንት ጊዜ እንጣለው ብዬ ተጨቃጭቄአለሁ።

«የሰማንያ አራትን ቆርቆሮ አምጪልኝ» አለችኝ። ዚልዳን ፎቶው የተሠራበትን ዓመት ሳትጠይቃት! ያኔ ነው የገባኝ። ከሁለት ቀን በፊት ቡናማውን ፎቶ አፍጥጣ የምታየው፣ የራሷን አሮጌ ሥራ ስትፈልግ ነበር። ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ያላት እሱ ነበር፣ አረንጓዴ ያለችውም እህቱ።

ሦስት ቆርቆሮ አገላበጥን። ዚልዳ አልተቀመጠችም፤ ስልኳን እንደያዘች ነው፣ ፖሊስ ለመጥራት አንድ ጣት ይቀራታል። ፖስታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የእናቲቱ ስም ኦቲሊያ ተብሎ ተጽፏል። ኪቴሪያ ኔጋቲቩን በብርሃን ሰሌዳው ላይ አድርጋ ፎቶ አንስታ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው፣ ጥቁርና ነጩን ገልብጣም አጎላችው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቅ አለ፤ ሱፍ የለውም፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተቀዷል። ዓይኑ ጠቆር ያለ ነው፣ ከብሌኑ የማይለይ ሊባል ትንሽ የቀረው። አረንጓዴ ዓይን በጥቁርና ነጭ ፎቶ እንዲህ ጠቁሮ አይወጣም፣ ገርጥቶ ነው የሚታየው አለቻት። በዓይኑ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ ክብ አይደለችም፤ ረዘም ያለች፣ የተከፈተ በር ናት። እኔ ነኝ የደፈንኳት አለች ኪቴሪያ።

«ታዲያ ለምን አረንጓዴ?» አለች ዚልዳ። ድምጿ ወርዷል።

ፖስታውን ገልብጣ ሰጠቻት። የፎቶ አዟሪው የአንሴልሞ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል። ጥቁር ሱፍ። ክራባት። ጸጉር ወደ ጎን። ዓይን አረንጓዴ፣ እንደ አባቱ። ከሥሩ ደግሞ በትንንሹ ጽፎበታል፤ እናትየው ሰው እንዳያወራ ብላ ለምናኛለች።

ዚልዳ አንብባ እንደጨረሰች ወንበር ፈለገች። አባቷ ዓይኑ አረንጓዴ እንደነበር፣ ስለ ወንድሟ ሲነሳ ሁልጊዜ ከቤት ይወጣ እንደነበር ነገረችን። ልጅ ሳለች አንዲት አክስቷ «ያኛው የእሱ አይደለም» ስትል ሰምታ ነበር፣ አልገባትም ነበር። ይሄ ፎቶ ሲመጣ ግን አባቷ ለረጅም ጊዜ አይቶት፣ ምስማሩን ራሱ መትቶ ሰቀለው። ያ ሁሉ ሲሆን ልጁ ከሄደ ዓመት ሞልቶታል።

አንጀቴን በላችኝ፤ ቢሆንም አፌ አያርፍም። የወንድምሽ ዓይን ቡናማ ነው ማለትና ይሄ ሰውዬ ወንድምሽ ነው ማለት አንድ አይደለም አልኳት፤ በዚህ አገር ስንት ቡናማ ዓይን አለ፣ ደግሞም አስመስሎ ልኮልሻል።

«እሷ ትክክል ናት» አለች ኪቴሪያ። «እኔ ዓይን ነው የማውቀው፣ ሰው አላውቅም። ዋሽቶሻል። እንዲዋሽ ያደረገው ግን የኔ ቀለም ነው። እናትሽን ጠይቂያት።»

ዚልዳ እንዴት ብዬ አለች። ያኔ ነው አንድ ነገር የነገረችን፤ ስትናገረው እሷ ራሷ ያልገባት ነገር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ሰውዬ የመጣ ቀን እየሮጠች ገብታ፣ እማ፣ መጥቷል፣ ዓይኑ አረንጓዴ ነው ብላ ነገረቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለተኛውም ሲመጣ እንደዚያው። አብዪውና ይሂድ አለች እንጂ እጁን እንኳ አልያዘችም። ዚልዳ የእናቷ ልብ ደንድኗል ብላ አዝና ነበር።

እኔና ኪቴሪያ ተያየን።

ለኤድማር ደጃቸው ድረስ እንዲመጣ ደወልንለት፤ ኪቴሪያም አብራን ወጣች። ፍሬሙ ከባድ ስለሆነ ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ባይከብድም አልቀርም ነበር። ከሰውዬው ላይ ዓይኔን ላለመንቀል ቆርጬ ነበር። ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኘነው፤ ባርኔጣው እንደ መጀመሪያው ቀን በሁለት እጁ ነው። ዚልዳ ፊቱን ቀና ብላ አየች፣ በተለይ ዓይኑን፤ እሱ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እዚሁ ጠብቅ ብላ በሩን ዘጋችበት። እኛን በጓሮ በር አስገባችን።

እናትየዋ ዶና ኦቲሊያ በተንጠለጠለው የጨርቅ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች፤ ትንሽ ሴት ናት፣ ኩስኩሷ ከነወተቱ ሳይነካ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ፍሬሙን ግድግዳው ሥር ሳስደግፈው ድምፁን ሰማች። ማነው ፎቶውን ያወረደው ብላ ጠየቀች፤ ይታጠባል እንዴ? ዚልዳ አጠገቧ ተንበረከከች። ጎረምሳ ልጅ የሰበረውን ሊናዘዝ ሲል እንዲህ ነው ድምፁ የሚሆነው፤ እሷ የሰበረችው ግን ምንም ነገር አልነበረም።

«እማ፣ ሰው መጥቷል። ኤድማር ነኝ ይላል።»

አሮጊቷ አልተነቃነቀችም። ልክ እንደተነገረን ፊቷን ወደ ግድግዳ ልታዞር ጀመረች። አንገቷ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ዓይኑ ምን ዓይነት ነው?» አለች።

ዚልዳ ፍሬሙን አየች፣ ያንን የሎሚ ቅጠል፤ ከዚያ ኪቴሪያን አየች። ኪቴሪያ እጆቿን ከሽርጧ ሥር ደብቃ ነበር።

«ቡናማ ነው፣ እማ።»

ዶና ኦቲሊያ በሁለት እጇ የአልጋውን ጨርቅ ይዛ ቀና አለች። የማያዩ ዓይኖቿ ወደ ደጁ ዞሩ፤ እነሱም ቡናማ ነበሩ፣ ደብዝዘው ግራጫ ሊሆኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

«ከእኔ ነው የወሰደው» አለች። «የልጄ ጥፋት እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ በሩን ምን አስዘጋሽ?»

ዚልዳ እናቷን ደግፋ ይዛት ነበር። የከፈትኩለት እኔ ነኝ።